ጥቅስ ኩባያ ላይ ከማተማችሁ በፊት፦ የቅጂ መብቱን የማጣራት አሠራር

ካላንደር፣ ኩባያና የመልካም ምኞት ካርድ እያሳተሙ የሚሸጡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። "ከሰው ጽሑፍ ስንት ቃል ብወስድ አልጠየቅም?" ይሉኛል። አንዱ ከ50 ቃል በታች ነፃ ነው ሲባል ሰምቷል። ሌላው 10 በመቶ ይፈቀዳል ይላል። ሌላው ደግሞ የደራሲውን ስም ከሥር ካስቀመጥኩ በቃ ብሎ ያምናል።

ሦስቱም ልክ አይደሉም። ሕጉ "እስከዚህ ድረስ ውሰድ" ብሎ የቆረጠው የቃል ቁጥር የለም። ስም መጥቀስም ፈቃድ አይተካም። ስለዚህ ቃል መቁጠሩን ትታችሁ እያንዳንዱን ጥቅስ እንዴት እንደምታጣሩ ላሳያችሁ። አንዴ ከለመዳችሁት ባለ 12 ወር ካላንደር ጥቅሶችን አጣርቶ መጨረስ ያን ያህል አይከብድም።

መመሪያው በዋናነት የአሜሪካን ሕግ ይከተላል፤ የሌላን ሰው ሥራ አንዳንዴ ያለ ፈቃድ መጠቀምን የሚፈቅደው "ፌር ዩዝ" የዚያ ሕግ ነውና። የሌላ አገር ሕግ የሚለይበት ቦታ ላይ እጠቁማለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፌር ዩዝ ለኩባያ ለምን አይሆንም?

ይህን ሳትረዱ ወደ ደረጃዎቹ ብትሄዱ የድካማችሁ ምክንያት አይገባችሁም።

ፌር ዩዝ በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ አንቀጽ 107 ላይ ያለ ነው። የሌላ ሰው ሥራ ያለ ፈቃድ የሚሠራበት ጊዜ እንዳለ ይናገራል። ያ ጊዜ መድረስ አለመድረሱን የሚወስነው ግን ዳኛ ነው፤ አራት ነገሮችን አንድ ላይ መዝኖ። ጥቅሱን ለምን ዓላማ ተጠቀማችሁበት፣ ለንግድ ነው ወይስ ለሌላ? የወሰዳችሁት ሥራ ምን ዓይነት ነው? ከሥራው ምን ያህሉን፣ የትኛውን ክፍል ወሰዳችሁ? በባለቤቱ ገበያ ላይስ ምን ጉዳት ያመጣል?

እስቲ ኩባያችሁን በእነዚህ ጥያቄዎች እንየው። አንድ ሐያሲ ከግጥም ሁለት ስንኝ ጠቅሶ ስለ ስንኙ ሲጽፍ፣ በጥቅሱ ላይ የራሱን ሐሳብ ይጨምራል። ኩባያው ላይ ግን ስለ ጥቅሱ የምትሉት ነገር የለም። ገዢው የሚከፍለው ለጥቅሱ ነው። ዓላማው ንግድ ነው ማለት ነው። ሥራው ግጥም ከሆነ ደግሞ ፈጠራ ነው፤ ሕጉ ፈጠራን ከደረቅ መረጃ ይበልጥ ይጠብቃል። ግጥሙ አራት ስንኝ ብቻ ሆኖ አራቱንም ካተማችሁ ሙሉውን ወስዳችኋል፤ "አጭር ነው" ማለት አያዋጣም። በመጨረሻም ባለመብቱ ራሱ ለኩባያ አምራች ፈቃድ ሸጦ ገንዘብ ማግኘት ይችል ነበር። ያን ገበያ ነው የነካችሁት። አራቱም ሚዛን ወደ አንድ ወገን ያጋድላል።

ሌላም ነገር አለ። ፌር ዩዝ መከላከያ ነው፤ ጥቅም ላይ የሚውለው ከተከሰሳችሁ በኋላ ነው። ብታሸንፉም እንኳ የጠበቃ ወጪው ቀድሞ ከኪሳችሁ ወጥቷል።

ከአሜሪካ ውጭም ነገሩ ብዙ አይለይም። የበርን ስምምነት የተባለውና በ1886 የተፈረመው ዓለም አቀፍ ውል መጥቀስን ይፈቅዳል፤ ግን ጥቅሱ ከተጠቀሰበት ዓላማ እንዳያልፍና አጠቃቀሙ አግባብ ያለው እንዲሆን ይጠይቃል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግም መጥቀስን የሚፈቅደው እንደ ሒስና ግምገማ ላለ ዓላማ ነው። ዕቃ ማሳመር ከዚያ ውስጥ አይገባም።

"አጭር ከሆነስ?"

እዚህ ላይ ትንሽ ቆየት እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

የአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት ስሞችን፣ ርዕሶችን፣ መፈክሮችንና አጫጭር ሐረጎችን አይመዘግብም። ይህ እውነት ነው። "መልካም ልደት" ወይም "እንኳን ደስ አለሽ" የማንም ንብረት አይደለም። ነገር ግን "አጭር ሐረግ" ማለት "አጭር የሆነ ሁሉ" ማለት አይደለም።

አሽሊ ብሪሊያንት የሚባል ጸሐፊ አለ። ሥራው አጫጭር አባባሎችን እየጻፈ በፖስት ካርድ ማሳተም ነበር። አንዱም አባባል ከ17 ቃል አይበልጥም። አንድ ድርጅት አባባሎቹን ለቲሸርት ማተሚያ ሲጠቀምባቸው ከሰሰ። በ1979 የአሜሪካ ፍርድ ቤት አባባሎቹ የቅጂ መብት እንዳላቸው ወሰነለት። በ1982 ደግሞ ኢ.ቲ. ከተባለው ፊልም የተወሰዱ ጥቂት ቃላትን ኩባያና መሰል ዕቃ ላይ አትሞ የሸጠ ድርጅት በቴክሳስ ፍርድ ቤት ታግዷል። በአውሮፓም የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2009፣ ከጋዜጣ የተወሰደ የ11 ቃል ቁራጭ እንኳ የጸሐፊው የፈጠራ አሻራ ካለበት ሊጠበቅ እንደሚችል ተናግሯል።

እኔ የምከተለው መለኪያ ይህ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ማንም ሰው በተራ ወሬው መሐል ሊለው ይችላል? ከሆነ አትጨነቁ። አነጋገሩ ያልተጠበቀ መታጠፊያ ኖሮት "ይሄማ የእገሌ ነው" የሚያሰኝ ከሆነ ግን ባለቤት እንዳለው ቆጥራችሁ አጣሩ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ለማተም ያሰባችኋቸው ጥቅሶች ዝርዝር፣ ከሚያስፈልጋችሁ ቁጥር በሦስትና በአራት የሚበልጥ። አንዳንዶቹ መውደቃቸው አይቀርም።
- ለእያንዳንዱ ጥቅስ አንድ መስመር ያለው ሰንጠረዥ፣ በኤክሴል ወይም በደብተር። ዓምዶቹ፦ ጥቅሱ ቃል በቃል፣ የተናገረው ሰው፣ የመጀመሪያ ምንጭና ገጽ፣ የታተመበት ዓመት፣ ደራሲው የሞተበት ዓመት፣ ተርጓሚ ወይም አርታኢ፣ ውሳኔ።
- የቆዩ መጻሕፍት የሚነበቡባቸው ገጾች፦ archive.org፣ hathitrust.org፣ books.google.com።
- የጥቅሶችን እውነተኛ ምንጭ የሚያጣራው quoteinvestigator.com።
- የንግድ ምልክት መፈለጊያ፦ የአሜሪካው tmsearch.uspto.gov፣ ለአውሮፓና ለሌሎች አገሮች TMview።
- ማስረጃ የምታስቀምጡበት ፎልደር።

ደረጃ 1፦ ጥቅሱ መጀመሪያ የታየበትን ቦታ ፈልጉ

ቴሌግራም ላይ ወይም ፎቶ ላይ ተጽፎ ያያችሁት ጥቅስ ምንጭ አይደለም። የጥቅስ ስብስብ ድረ ገጾችም እንዲሁ፤ አንዱ ከሌላው እየገለበጠ ነው የሚሞሉት። ምንጭ ማለት የመጽሐፉ፣ የመጽሔቱ ወይም የንግግሩ ስም ከነገጹ ነው።

ከጥቅሱ መሐል ብዙ የማይዘወተሩ አራት አምስት ቃላትን መርጣችሁ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ books.google.com ላይ ፈልጉ። ውጤቱን በዓመት አጥብቡት። የሚታየው የመጀመሪያ ዓመት ተናገረ የተባለው ሰው ከሞተ ከብዙ ጊዜ በኋላ ከሆነ አንድ ችግር አለ ማለት ነው።

ይህ ደረጃ ለምን ያስፈልጋል? ሂሳቡ ሁሉ የሚሠራው ከትክክለኛው ባለቤት ስለሆነ ነው። በ1948 የሞተው ጋንዲ እንደተናገራቸው ተደርገው በየካርዱ ላይ የሚታተሙ አባባሎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ግን በጽሑፎቹ ውስጥ በዚያ መልክ አይገኙም። "ጋንዲ ስለሞተ ቆይቷል" ብላችሁ ስታትሙ፣ ዓረፍተ ነገሩ በኋላ የተነሣ የሌላ ጸሐፊ ሊሆን ይችላል። ምንጩን ካጣችሁት ጥቅሱን ጣሉት። ሌላ ጥቅስ ሞልቷል።

ደረጃ 2፦ ጊዜው አልፎ እንደሆነ አስሉ

የቅጂ መብት ዕድሜ አለው። ሲያልቅ ሥራው ፐብሊክ ዶሜይን ይገባል፤ ያን ጊዜ ማንንም ሳትጠይቁ ታትማላችሁ። ሂሳቡ እንዲህ ነው።

ለአሜሪካ፣ ለታተመ ሥራ፦ መብቱ ከታተመበት ዓመት በኋላ 95 ዓመት ሙሉ ይቆያል፤ ስለዚህ ከያዝነው ዓመት ላይ 96 ቀንሱ። በዚያ ዓመትና ከዚያ በፊት የታተመ ነፃ ነው። ለምሳሌ በ2026 ሲሰላ እስከ 1930 መጨረሻ የታተመው ነፃ ወጥቷል። ከ1978 ወዲህ የተጻፈ ከሆነ ደራሲው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል።

ለአውሮፓ ኅብረትና ለብሪታንያ፦ ደራሲው የሞተበት ዓመት ሲደመር 70፤ ያ ዓመት ሲያልቅ፣ ጥር 1 ቀን ነፃ ይሆናል። ብዙ አገሮች 50 ዓመት ይበቃል ይላሉ። ሕንድ 60፣ ሜክሲኮ 100 ነው።

ልዩነቱ ወረቀት ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጆርጅ ኦርዌል የሞተው በ1950 ነው። ስለዚህ በብሪታንያና በአውሮፓ ሥራዎቹ ከጥር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ነፃ ናቸው። "1984" የተባለው ልብ ወለዱ ግን በ1949 ስለታተመ በአሜሪካ እስከ 2044 መጨረሻ ይጠበቃል። አንዱ ኩባያ ጀርመን ውስጥ በነፃነት ይሸጣል፤ አሜሪካ ላለ ደንበኛ ስትልኩት ግን ፈቃድ ይፈልጋል። ስለዚህ የምታሰሉት እናንተ ባላችሁበት አገር ሳይሆን በምትሸጡበት አገር ሁሉ ነው። ኦንላይን የምትሸጡ ከሆነ ረጅሙን ጊዜ ያዙ።

አንድ ጠቃሚ ቀዳዳ አለ። ከ1931 እስከ 1963 በአሜሪካ የታተሙ የአሜሪካ መጻሕፍት መብታቸው በ28ኛው ዓመት መታደስ ነበረበት። ያልታደሱት ብዙ ናቸው፤ እነሱም ነፃ ወጥተዋል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የመጽሐፍ እድሳት ዳታቤዝ ላይ በደራሲ ስም ፈልጉ። ይህ ግን ከሌላ አገር ለመጡ መጻሕፍት አስተማማኝ አይደለም፤ ለአብዛኞቹ መብቱ በኋላ ተመልሶላቸዋል።

ደረጃ 3፦ የተርጓሚና የአርታኢ እጅ እንዳለበት እዩ

ደራሲው ከሞተ አንድ ሺህ ዓመት ቢሆነውም ትርጉሙ የትናንት ሊሆን ይችላል። ተርጓሚው በቃላት ምርጫው የራሱ መብት አለው። የጥንት ፈላስፎችና የፋርስ ገጣሚዎች ጥቅስ ካርድ ላይ ሲታተም ብዙ ጊዜ የሚታተመው የቅርብ ዘመን ተርጓሚ ሥራ ነው። ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስም እንዲሁ ነው። ዘመናዊ ትርጉሞች ባለመብት አላቸው። ፊት ገጹ ጀርባ ላይ የሰፈረውን የአጠቃቀም ፈቃድ አንብቡ፤ ለስብከትና ለመጽሐፍ የተፈቀደው ለሽያጭ ዕቃ ላይፈቀድ ይችላል።

የአርታኢው ጉዳይ ደግሞ ረቂቅ ነው። ኤሚሊ ዲኪንሰን የሞተችው በ1886 ነው። ግጥሞቿ ከ1890 ጀምሮ ሲታተሙ አዘጋጆቹ ሥርዓተ ነጥቡንና ቃላቱን አስተካክለውት ነበር፤ ያ እትም ነፃ ነው። ግጥሞቹን እሷ በጻፈችው መልክ ያቀረበው እትም ግን የወጣው በ1955 ነው፤ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤትም የመብት ጥያቄ ያነሣበታል። ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁት ስንኝ ከየትኛው እንደተቀዳ የምታውቁት የ1890ዎቹን እትም archive.org ላይ ከፍታችሁ መስመር በመስመር ስታነጻጽሩ ብቻ ነው። በተለይ ጭረቶቹን እዩ፤ በቆየው እትም ውስጥ አብዛኞቹ በሌላ ሥርዓተ ነጥብ ተተክተዋል።

ጥቅሱን ራሳችሁ ወደ አማርኛ ከተረጎማችሁት፣ ምንጩ ነፃ ከሆነ ትርጉሙ የእናንተ ነው። ምንጩ ገና ነፃ ያልወጣ ከሆነ ግን መተርጎምም ፈቃድ ይፈልጋል።

ደረጃ 4፦ የንግድ ምልክትና የሰው ስም

የቅጂ መብት ባይኖርም በር የሚዘጋ ሌላ መብት አለ። በ1939 በብሪታንያ የተዘጋጀው "ተረጋጉና ቀጥሉ" የሚለው የጦርነት ጊዜ ፖስተር የመንግሥት ሥራ ነበር፤ የቅጂ መብቱም አልፏል። ሆኖም አንድ ድርጅት እንግሊዝኛውን ሐረግ በ2011 በአውሮፓ ኅብረት የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዝግቦታል።

ስለዚህ ሐረጉን በመፈለጊያው ውስጥ አስገቡትና ምድቡን እዩ። ካላንደርና ካርድ በምድብ 16፣ ኩባያ በምድብ 21፣ ቲሸርት በምድብ 25 ይመዘገባሉ። ሐረጉ በእናንተ ዕቃ ምድብ ከተመዘገበ ተዉት። በሌላ ምድብ ከሆነ አደጋው ያንሳል፤ ታዋቂ ምልክት ከሆነ ግን አሁንም ተዉት።

ከጥቅሱ ሥር የሚጻፈው ስምም ለብቻው ይታያል። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ታዋቂ ሰው ስሙና መልኩ ለንግድ እንዳይውል የመከልከል መብት አለው፤ በአንዳንዶቹ ከሞተ በኋላም ወደ ወራሾቹ ያልፋል። የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 የማርቲን ሉተር ኪንግን ከደረት በላይ የሚያሳይ ሐውልት እየሠራ በሚሸጥ ድርጅት ላይ የወሰነው በዚህ ምክንያት ነው። በትንሽ ፊደል ከጥቅሱ ሥር መጻፍ አደጋው አነስ ይላል። ስሙን አግዝፎ ወይም ፎቶውን ጨምሮ ማተም ግን ሰውዬውን ራሱን መሸጥ ነው፤ ፈቃድ ይጠይቃል።

ደረጃ 5፦ ወስኑ

አሁን ለእያንዳንዱ መስመር ከሦስት አንዱን ጻፉ። "ይታተም"፦ ምንጩ ታውቋል፣ ጊዜው አልፏል፣ የተርጓሚና የምልክት ችግር የለበትም። "ይጠየቅ"፦ ባለመብት አለው፣ ጥቅሱንም በጣም ትፈልጉታላችሁ። "ይውጣ"፦ የቀረው ሁሉ። "ምናልባት" የሚል ዓምድ አትክፈቱ። ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል ምናልባቱ ሁሉ ወደ "ይታተም" ይገባል።

ደረጃ 6፦ ፈቃድ በጽሑፍ ጠይቁ

የመጽሐፍ ከሆነ የምትጽፉት ለአሳታሚው የፈቃድ ክፍል ነው። የዘፈን ግጥም ከሆነ ለዘፋኙ ወይም ለሲዲ አሳታሚው አይደለም፤ የግጥሙንና የዜማውን መብት ለሚያስተዳድረው የሙዚቃ አሳታሚ ነው። አስካፕና ቢ.ኤም.አይ. የሚባሉት የሙዚቃ መብት አስተዳዳሪ ድርጅቶች Songview የሚል የጋራ መፈለጊያ አላቸው፤ የአሜሪካ ዘፈኖችን ባለመብት እዚያ ታገኛላችሁ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ዝርዝሩ ግን አይጉደል። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

"ለፈቃድ ክፍል። ከዚህ በታች የሰፈረውን ጥቅስ ለሽያጭ በሚቀርብ የግድግዳ ካላንደር ላይ ለማተም ፈቃድ እንጠይቃለን። ምንጭ፦ የመጽሐፉ ርዕስ፣ ደራሲ፣ የእትም ዓመት፣ ገጽ። ጥቅሱ ቃል በቃል፦ … ዕቃው፦ ባለ 12 ገጽ ካላንደር፣ ጥቅሱ በአንድ ገጽ ላይ። የኅትመት ብዛት፦ 500። የመሸጫ ዋጋ፦ … የሚሸጥበት አገር፦ … የሽያጭ ጊዜ፦ ከመስከረም እስከ ጥር። ክፍያውንና ከጥቅሱ ጋር እንዲታተም የምትፈልጉትን የባለመብት መግለጫ እንድታሳውቁን እንጠይቃለን። መብቱ የሌላ ከሆነ እባካችሁ ጠቁሙን።"

የኅትመቱ ብዛት፣ አገሩና ጊዜው ለምን አስፈለገ? ዋጋ የሚተመነው በእነሱ ነው። ካልጻፋችሁት መልሰው ይጠይቋችኋል፤ በዚያ መሐል ሳምንታት ያልፋሉ። ለአዲስ ዓመት ካላንደር የፈቃድ ደብዳቤ ቢያንስ ከኅትመቱ ስድስት ወር ቀደም ብሎ ቢላክ ጥሩ ነው። መልስ ካልመጣ መልሱ "አይሆንም" ነው። ዝምታ ፈቃድ አይደለም።

ደረጃ 7፦ ማስረጃውን አስቀምጡ፣ ከዚያ አትሙ

ለእያንዳንዱ የታተመ ጥቅስ የምንጩን ገጽ ስክሪንሾት፣ የመጽሐፉን የኅትመት ዓመት የሚያሳየውን ገጽ፣ የፈቃድ ደብዳቤ ካለም እሱን በአንድ ፎልደር አስገቡ። ኦንላይን መሸጫዎች አቤቱታ ሲደርሳቸው ብዙውን ጊዜ ዕቃውን መጀመሪያ ያወርዱና ከዚያ ነው ለእናንተ የሚያሳውቁት። ማስረጃው እጃችሁ ላይ ካለ መልሱን በዚያው ቀን ትልካላችሁ።

አንድ ጥቅስ እስከ መጨረሻው ስናጣራ

"ጨዋ ሴቶች ታሪክ ሲሠሩ እምብዛም አይታይም" የሚል መንፈስ ያለው እንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በኩባያና በቲሸርት ላይ በጣም ይታተማል። አንዳንዱ ላይ የማሪሊን ሞንሮ ስም አለበት። ለሴቶች ካላንደር ልናደርገው አሰብን እንበል።

መጀመሪያ ምንጩን ፈለግን። ዓረፍተ ነገሩ የማሪሊን ሞንሮ አይደለም። የታሪክ ምሁሯ ሎረል ታቸር አልሪች በ1976 አሜሪካን ኳርተርሊ በተባለ መጽሔት ባወጣችው ጥናት ውስጥ ነው ያለው። ኋላ በ2007 የራሷ መጽሐፍ ርዕስ አድርጋዋለች። በብዙ ዕቃ ላይ የሚታየው ቅጂ አንዷን ቃል በተመሳሳይ ቃል ቀይሯታል። ስለዚህ ኩባያው ላይ ስሙም ቃሉም ስሕተት ነው።

ከዚያ ጊዜውን አሰላን። 1976 ሲደመር 95፣ 2071 ይሆናል። ጥናቱ አሁንም ገና የተጠበቀ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ለብቻው ሲታይ አምስት የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ስለሆነ "አጭር ሐረግ ነው" ብሎ የሚከራከር ጠበቃ አይጠፋም፤ ክርክሩም ደካማ አይደለም። ግን ባለቤቷ የታወቀች ናት፤ ዓረፍተ ነገሩም ዝነኛ የሆነው በአነጋገሩ ነው። የማሪሊን ሞንሮን ስም ደግሞ ብናትም ኖሮ ውሸት ከመሆኑም በላይ ስሟን ለንግድ ከሚያስተዳድሩት ጋር እንጋጭ ነበር።

ውሳኔያችን "ይጠየቅ" ነው። ይህ ከባድ እንዳይመስላችሁ። አልሪች ራሷ እንደጻፈችው፣ በ1990ዎቹ አንዲት ወጣት ዓረፍተ ነገሩን ቲሸርት ላይ ለማተም ፈቃድ ጠይቃት ነበር። እሺ አለቻት። በምላሹ የፈለገችው አንድ ቲሸርት ብቻ ነበር።

ማስጠንቀቂያ

የአሜሪካ ሕግ ባለመብቱ ጉዳቱን በቁጥር ባያሳይም እንኳ ለአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር ካሳ እንዲፈረድ ይፈቅዳል፤ ሥራው በወቅቱ ተመዝግቦ ከነበረ። ሆን ተብሎ ከሆነ እስከ 150,000 ይደርሳል። የሚቆጠረው በተሸጠው ኩባያ ብዛት ሳይሆን በተወሰደው ሥራ ነው። አሥር ኩባያ ብቻ መሸጣችሁ ከዚህ አያድናችሁም።

አቤቱታ ደርሶ ዕቃችሁ ከወረደ፣ ዕቃው እንዲመለስ የሚጠየቅበትን የተቃውሞ ማስታወቂያ በንዴት አትሙሉ። ያ ቅጽ በሐሰት መሐላ ተጠያቂነት የሚፈረም ነው፤ ባለመብቱንም ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ይጋብዛል። የደረጃ 7 ፎልደራችሁ ሙሉ ከሆነ ሙሉት። ካልሆነ ሽያጩን አቁሙና ጠበቃ አማክሩ።

በትዕዛዝ የሚያትሙ ድርጅቶች "የእኛ ኃላፊነት ነው" ይሉላችኋል ብላችሁ አትጠብቁ። ስትመዘገቡ የፈረማችሁት ውል አብዛኛውን ጊዜ ኃላፊነቱን በእናንተ ላይ ያደርጋል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

"ሁሉም ሰው እያተመው ነው" የሚለው ዋናው ነው። ሌሎቹ ፈቃድ ወስደው ይሁን አይሁን አታውቁም፤ ባለመብቱም ከመሐል ማንን እንደሚከስ የመምረጥ መብት አለው።

ሁለተኛው፣ አንድ ቃል ለውጦ "አሁን የእኔ ነው" ማለት ነው። ዋናው አነጋገር ካለ መብቱም አለ። በዚያ ላይ ያልተባለውን እንደተባለ አድርጋችሁ አተማችሁ።

ሦስተኛው ደብዳቤና ማስታወሻን ይመለከታል። የአንድ ታዋቂ ሰው ደብዳቤ በእጃችሁ ቢኖር ወረቀቱ የእናንተ ነው፤ ቃላቱን የማተም መብት ግን የጸሐፊው ወይም የወራሾቹ ነው። በአሜሪካ ታትሞ ለማያውቅ ደብዳቤ ጊዜው የሚቆጠረው ከጸሐፊው ሞት ጀምሮ 70 ዓመት ነው።

አራተኛው ጥቅሱን አጣርቶ ጌጡን መርሳት ነው። ጥቅሱ ነፃ ሆኖ ከጀርባው ያለው ሥዕል ወይም የተጻፈበት ፎንት ለንግድ ያልተፈቀደ ሊሆን ይችላል። የፎንቱን ፈቃድ ከወረደው ፋይል ጋር ካለው የጽሑፍ ሰነድ አንብቡ፤ "ለግል አገልግሎት ብቻ" የሚል ካለበት ለካርድ አይሆንም።

አምስተኛው የአምናውን ካላንደር ዘንድሮ ደግሞ ማተም ነው። ፈቃዱ ለ500 ቅጂና ለአንድ ዓመት ከነበረ፣ 501ኛው ቅጂ ያለ ፈቃድ የታተመ ነው። ሰንጠረዡ ላይ የፈቃዱን ማብቂያ ቀን የሚይዝ አንድ ዓምድ ጨምሩ፤ ማተሚያ ቤት ከመደወላችሁ በፊትም መጀመሪያ እሱን እዩ።